ስለ ሲስተም መቋረጥ ስጠየቅ ምን ብዬ ልመልስ? ሁኔታ፣ እርምጃ፣ ውጤት

የጣና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ላይ በሶፍትዌር ሙያ እሠራለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ጋር በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ይጠብቀኛል። «ደንበኞች እየተጠቀሙበት ያለ ሲስተም ተቋርጦብህ ያውቃል? ምን አደረግህ?» የሚል ጥያቄ እንደሚኖር አስቀድመው ነግረውኛል፤ መልሱንም ሁኔታ፣ እርምጃ እና ውጤት ብዬ እንዳዋቅረው ይፈልጋሉ። ረቂቁ ይኸው፤ ሳትራሩ አርሙልኝ።

«የምሠራበት ድርጅት ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች ለሚጓዙ ሰዎች የጀልባ ትኬት ይሸጣል፤ የሐይቅ ዳር ሆቴሎችን ክፍልም ያስይዛል። ሥራው የተጀመረው በስልክ ነበር፤ በኋላ ድረ ገጽ ተሠራለት፤ ቆይቶም የኢንተርኔት ክፍያ ተጨመረ። ሦስት የአፕሊኬሽን ሰርቨሮችና አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አሉን። በከተራ ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ድረ ገጹ መከፈት አቆመ። ደንበኞች ደወሉ። ሎጉ ሲታይ ዳታቤዙ አዲስ ግንኙነት አልቀበልም ይላል። ሪስታርት ተደረገ፤ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ እንደገና ቆመ። ከዚያ ችግሩ በክፍያ በኩል መሆኑ ታወቀ። ክፍያው ለጊዜው እንዲዘጋ ተደረገና ሲስተሙ ተመለሰ። በኋላም ኮዱ ተስተካከለ። ከዚህ አጋጣሚ ብዙ ተምሬአለሁ።»

---

አባይ ማዶ

መቋረጥ ከተባለ የእኔ የዕለት ሥራ ነው። በአንድ ሆቴል ጄኔሬተር ላይ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ሆቴሉ ግን ጨለማ እንደዋጠው ቀረ። ሰው ሁሉ ጄኔሬተሩን ከበበው። እኔ መለኪያዬን አውጥቼ መውጫው ላይ ለካሁ፤ በሦስቱም መስመር ኃይል አለ። ጄኔሬተሩ ደህና ከሆነ ችግሩ ከእሱ ወዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ወደ ማዛወሪያው ሳጥን ሄድኩ። አልዞረም። የመንግሥቱ መብራት አለመመለሱን አረጋገጥኩና በእጄ አዞርኩት፤ ሆቴሉ በራ። በማግስቱ የማዛወሪያው መቆጣጠሪያ ተቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ያለ ጭነት ብቻ ሳይሆን ከነጭነቱ እንፈትነዋለን። አንተም ቢሮአችሁ ጄኔሬተር ካለው መጀመሪያ እሱን ንገራቸው፤ ጄኔሬተር የሌለው ቢሮ ኢንተርኔቱም አይቆይም።

---

የፖሊ ምሩቅ

ጋሼ፣ ጥያቄው ስለ መብራት ሳይሆን ስለ ሶፍትዌር መቋረጥ ነው።

የጣና ዳር፣ ሁለት ነገር ልንገርህ። አንደኛ፣ ሁኔታህ ረዝሟል። ድርጅቱ በስልክ መጀመሩ ለጠያቂው ምኑም አይደለም። ሁለተኛ፣ ውጤትህ ቁጥር የለውም። «ብዙ ተምሬአለሁ» ውጤት አይባልም። «የሲስተሙን አስተማማኝነት በ40 በመቶ አሻሻልኩ» ብትል ያምራል። ከቻልክ ደግሞ ስህተቱን ራስህ ላይ አድርገው፤ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይወዳሉ።

---

ሰርቨር ጠባቂ

ለዓመታት በጠያቂው ወንበር ተቀምጫለሁና ከዚያ በኩል የሚታየውን ልናገር።

የፖሊ ምሩቅ ስለ ሁኔታው ርዝመት የተናገረው ትክክል ነው። የቀረውን ግን አትከተለው። «40 በመቶ» ካልክ እኔ ወዲያውኑ «ከምን ተነሥቶ? በምን ለካኸው?» እላለሁ፤ መልስ ከሌለህ ከዚያ በፊት የተናገርከውን ሁሉ መጠራጠር እጀምራለሁ። ያልሠራኸውን ስህተትም አትውሰድ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ዝርዝሩ ነው፤ ያልኖርክበትን ዝርዝር መፍጠር አትችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ረቂቅህን ደግመህ አንብበውና አንተን ፈልግ። «ሪስታርት ተደረገ፤ ታወቀ፤ እንዲዘጋ ተደረገ፤ ተስተካከለ።» ማን አደረገ? ማን አወቀ? ይህ አነጋገር በሪፖርት ውስጥ ያስከብራል፤ በቃለ መጠይቅ ግን ነጥብ የምሰጠው ሰው ያሳጣኛል። አባይ ማዶ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ቢረዱትም መልሳቸው ካንተ ይልቅ የምፈልገውን ይዟል። ለካሁ አሉ፤ ከልኬቱ ተነሥተው ችግሩ የት እንደሌለ ወሰኑ፤ ከዚያ ወደ ቀረው ቦታ ሄዱ፤ ከመንካታቸው በፊትም አደጋውን አረጋገጡ። እርምጃ ማለት ይህ ነው።

በእርምጃው ክፍል የማዳምጠው የሥራህን ዝርዝር ሳይሆን የውሳኔህን ቦታ ነው። መንገዱ ሁለት የሆነበት፣ ሁሉን ሳታውቅ አንዱን የመረጥክበት ጊዜ። በመልስህ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጊዜ ያለ ይመስለኛል፤ ሸፍነኸዋል እንጂ። ስለዚህ ልጠይቅህ። ችግሩ በክፍያ በኩል መሆኑ «የታወቀው» እንዴት ነው? ክፍያውን መዝጋት የማን ሐሳብ ነበር? ሌላ ምርጫስ ቀርቦ ነበር?

---

የጣና ዳር

አመሰግናለሁ። የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ሎጉ ላይ የነበረው `FATAL: remaining connection slots are reserved for ...` ነው። ሪስታርቱን ያደረገው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ሲቆም «ምክንያቱ እዚያው ውስጥ አለ፤ ሁለተኛ ሪስታርት ማስረጃውን ከማጥፋት በቀር አይጠቅምም» አልኩ። ለአስተዳዳሪ በተጠበቀው ቦታ ገብቼ ይህን ጠየቅሁ፦

```
SELECT state, count(*)
FROM pg_stat_activity
WHERE datname = 'booking'
GROUP BY state;

        state        | count
---------------------+-------
 idle in transaction |    88
 active              |     6
 idle                |     4
```

ሰማንያ ስምንቱ ትራንዛክሽን ከፍተው ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠዋል። የመጨረሻ ትእዛዛቸውን ሳይ ሁሉም የጀልባ መቀመጫ የሚቆልፈው `SELECT ... FOR UPDATE` ነው። ኮዱ መቀመጫውን ቆልፎ፣ ትራንዛክሽኑን ሳይዘጋ፣ የክፍያ ድርጅቱን ሲስተም ይጠራና መልስ ይጠብቃል። ሌላ ጊዜ መልሱ ባንድ ሰከንድ ይመጣል። የዚያን ዕለት የክፍያ ሲስተሙ ተጨናንቆ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይቆይ ነበር፤ እኛ ደግሞ የጊዜ ገደብ አላደረግንበትም።

ሌላ ምርጫ ቀርቦ ነበር። ባልደረባዬ `max_connections` ከ100 ወደ 300 ይነሣ አለ። እኔ አልተስማማሁም፤ ያን ለመቀየር ዳታቤዙን እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ሰርቨሩ የማስታወሻ አቅሙ ትንሽ ነው፤ መልስ የማይሰጠውን የክፍያ ሲስተም የሚጠብቁት ሰዎች ቁጥር ይበዛል እንጂ ወረፋው አይንቀሳቀስም። ያለ ኮድ ለውጥ ክፍያን ማጥፋት የሚያስችል ቅንብር ስለነበረን፣ ሰው መቀመጫ ይያዝና ገንዘቡን ወደቡ ላይ ይክፈል አልኩ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ለሥራ አስኪያጃችን ደውዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፈቀዱ። ክፍያውን አጠፋሁ፤ የተንጠለጠሉትን በ`pg_terminate_backend` አቋረጥኩ፤ ሲስተሙ ተመለሰ። ከመጀመሪያው ስህተት እስከዚያ ድረስ 41 ደቂቃ ነው።

---

ሰርቨር ጠባቂ

ይህን ሁሉ «ክፍያው ለጊዜው እንዲዘጋ ተደረገ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቀብረኸው ነበር! የቃለ መጠይቁ መልስ እዚህ ነው ያለው። የተቀበልከውን ብቻ ሳይሆን ያልተቀበልከውን ምርጫና ምክንያቱንም ንገራቸው። ለሥራ አስኪያጁ መደወልህንም አትዝለለው፤ ምን በራስህ እንደምትወስንና ምን እንደማትወስን ማወቅህን ያሳያል።

አንድ ነገር ግን አልነገርከንም፤ ጠያቂው በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ በእርግጠኝነት ይጠይቅሃል። ሰማንያ ስምንቱን ስታቋርጥ የሰዎቹ ገንዘብ ምን ሆነ? ትራንዛክሽኑ እኛ ጋ ሲቋረጥ ይሰረዛል፤ የክፍያ ድርጅቱ ግን ስለ እኛ መሰረዝ አያውቅም። ጥያቄው ደርሶት ከሆነ ከደንበኛው ሂሳብ ይቀንሳል።

---

የጣና ዳር

ትክክል ነዎት። አውቄ ነው ያቋረጥኩት፤ ከማቋረጤ በፊት የትኛው ግንኙነት የትኛውን መቀመጫ እንደያዘ ከአፕሊኬሽኑ ሎግ አውጥቼ በፋይል አስቀመጥኩ። ማታ ከክፍያ ድርጅቱ ዝርዝር ጋር አስተያየን። ሰባት ሰዎች ገንዘባቸው ተቆርጦ ቦታ ያልተመዘገበላቸው ሆኑ። ለሁሉም ደወልን። ከእነሱ የሁለቱ መቀመጫ ቁልፉ ሲለቀቅ ለሌላ ሰው ተይዞ ስለነበር በሚቀጥለው ጀልባ ተሳፈሩ። ይህን በመልሱ ውስጥ መናገር ያዋጣል? ድክመት ይመስላል ብዬ ነበር የተውኩት።

---

የፖሊ ምሩቅ

እኔ ብሆን አልናገረውም። ጥያቄ ይጋብዛል።

---

ሰርቨር ጠባቂ

ጥያቄውን መጋበዝ ነው የሚፈለገው። ሲስተሙ መመለሱና ጉዳቱ መጠገኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አብዛኛው አመልካች የመጀመሪያውን ተናግሮ ያቆማል። «ሰባት ሰዎችን አገኘን፤ ለሰባቱም ደወልን» የሚል ሰው ሲመጣ ውጤቱን እስከ ደንበኛው ድረስ እንደተከታተለው አውቃለሁ። ሰባት ደግሞ የምታምነው ቁጥር ነው፤ ከዝርዝር የተገኘ ነው።

ሰዓቱንም ተመልከት። «8 ሰዓት ተኩል» ብለሃል፤ የሰርቨራችሁ ሎግ በUTC ከሆነ 11:30 ይላል፤ ጠያቂው ከውጭ ከሆነ በሌላ ሰዓት ያስባል። ሰዓት አትጥራ፤ ከመጀመሪያው ስህተት ጀምሮ ደቂቃ ቁጠር። በስንተኛው ደቂቃ አወቃችሁ? በስንተኛው ተመለሰ?

---

የጣና ዳር

ያወቅነው በዘጠነኛው ደቂቃ ነው፤ ያውም በደንበኛ ስልክ። ማንቂያው የሰርቨሩን ፕሮሰሰርና ዲስክ ብቻ ነበር የሚመለከተው፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ።

---

የሌሊት ተረኛ

ለዚያ ዘጠኝ ደቂቃ በውጤቱ ክፍል መልስ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁ? ማንቂያውን ካልቀየራችሁ «ተስተካከለ» ማለት አይቻልም።

በአንድ ነገር ደግሞ ከሰርቨር ጠባቂ ጋር አልስማማም፤ ወይም በከፊል ነው የምስማማው። የባልደረባውን ሐሳብ ጥሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ እንደዚያ ባለ ሌሊት ግንኙነቱን ከፍ አድርጌ ሲስተሙን ያተረፍኩበት ጊዜ አለ፤ የውጭው ሲስተም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስለተመለሰ ትርፉ ቦታ እስከዚያ አደረሰን። የጣና ዳር በዚያ ሰዓት የክፍያ ሲስተሙ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም ነበር። በመልሱ ውስጥ «ስህተት ነበር» ከማለት ይልቅ «በዚያ ሰዓት በያዝነው መረጃ አልመረጥኩትም» ቢል ይሻላል። ጠያቂው ይህን መንገድ የሚወድ ሰው ቢሆን ክርክር ውስጥ አይገባም።

---

ሰርቨር ጠባቂ

አነጋገሩን እቀበላለሁ። ባልደረባውንም አያሳንስም፤ «አንድ ሌላ ሐሳብ ቀርቦ ነበር» ማለት ይበቃል፤ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም። ኮዱን የጻፈው ሰውም አይነሣ፤ «ኮዱ እንዲህ ያደርግ ነበር» በቂ ነው። በቴክኒኩ ግን እንደያዝኩት ነኝ። ማስታወሻው ጠባብ በሆነ ሰርቨር ላይ ሦስት እጥፍ ግንኙነት መፍቀድ ዳታቤዙን ራሱን ሊጥለው ይችላል፤ ያኔ የምትመለስበት 41 ደቂቃ አይሆንም።

---

የሌሊት ተረኛ

የሰርቨሩን መጠን ሳላይ አልከራከርም። የእኔ ሰርቨር ሰፊ ነበር።

---

የጣና ዳር

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። ትራንዛክሽኑ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ መጀመሪያ መቀመጫው «ክፍያ በመጠባበቅ ላይ» ተብሎ ይመዘገብና ትራንዛክሽኑ ይዘጋል፤ ከዚያ የክፍያ ሲስተሙ ይጠራል፤ መልሱ ሲመጣ በሌላ ትራንዛክሽን ይጻፋል። ጥሪው የ10 ሰከንድ ገደብ ተደረገለት፤ ገደቡ ያለፈበት ሰው ገንዘቡ ተቆርጦ እንደሆነ በኋላ ከክፍያ ድርጅቱ ጋር የሚያመሳክር ሥራ ጻፍኩ። `idle_in_transaction_session_timeout` ዜሮ ነበር፤ ማለት ምንም ገደብ አልነበረውም፤ 60 ሰከንድ አደረግሁት። ግንኙነቱ 70 ሲደርስ የሚጮኽ ማንቂያም ጨመርኩ።

በፋሲካ ሰሞን የክፍያ ሲስተሙ እንደገና ዘገየ። የተወሰኑ ሰዎች «ክፍያዎ አልተረጋገጠም» የሚል መልእክት አዩ፤ ድረ ገጹ ግን አልቆመም፤ ግንኙነቱም ከ30 አላለፈም።

ያልገባኝ የጠፋው ገቢ ነው። በ41 ደቂቃ ስንት ሰው ትኬት ሳይገዛ እንደሄደ አላውቅም። ምን ልበል?

---

የፖሊ ምሩቅ

ካለፈው ዓመት ከተራ ጋር በዚያው ሰዓት አወዳድረህ ልዩነቱን ንገራቸው። አሁን የተፈጠረ ቁጥር አይደለም፤ ከዳታቤዝ የሚወጣ ነው።

---

የሌሊት ተረኛ

ያለፈው ዓመት የጎብኚ ብዛትና የዘንድሮው አንድ አይደሉም። ልዩነቱ የመቋረጡ ይሁን የዓመቱ በምን ይለያል?

---

ሰርቨር ጠባቂ

የፖሊ ምሩቅ በዚህ ጥሩ ሐሳብ አምጥቷል። ግምት መሆኑንና ከምን እንደተገመተ ከተናገርክ ችግር የለውም ብዬ አስባለሁ፤ የሌሊት ተረኛ ሥጋትም እውነት ነው። እኔ ብሆን ባልናገረው እመርጣለሁ፤ የፋሲካው ታሪክ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። ያው ብልሽት እንደገና መጣ፤ ሲስተሙ ግን ሳይቋረጥ አለፈው። ጥገናው እንደሠራ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አላውቅም። የመልስህ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር እሱ ይሁን።

---

አባይ ማዶ

ጥያቄው የመብራት አለመሆኑ አሁን ገባኝ፤ ይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰማንያ ስምንቱ ምንም ካልሠሩ ቦታውን ለምን አልለቀቁም? ይህን እኔ ካልገባኝ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋም ቃለ መጠይቁ ላይ ከተቀመጠች አይገባትም።

---

የጣና ዳር

ጋሼ፣ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ መቀመጫው ሞልቶ አንድ ሰው ገንዘቡ እስኪመጣለት ወደብ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ያስቡት። ጀልባው አይሄድም፤ ሌላ ሰውም አይሳፈርም። መቶ ጀልባ አለን፤ ሰማንያ ስምንቱ እንደዚያ ቆመው ነበር።

---

አባይ ማዶ

ገባኝ። ኃላፊዋ ካለች ይህን ተናገር፤ ከሌለች ተወው።

---

የጣና ዳር

እንደገና ጻፍኩት። ጮክ ብዬ ሳነበው ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል።

«የጀልባ ትኬት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የዳታቤዙና የክፍያው ክፍል የእኔ ኃላፊነት ነው። በዓመቱ ብዙ ሰው ከሚገዛባቸው ቀናት በአንዱ፣ በከተራ፣ ድረ ገጹ ሙሉ በሙሉ ቆመ፤ ያወቅነውም በዘጠነኛው ደቂቃ በደንበኛ ስልክ ነው።

ዳታቤዙ ግንኙነት ሞልቶበት ነበር። አንድ ጊዜ ሪስታርት ተደርጎ በስድስት ደቂቃ ተመልሶ ሲሞላ፣ ሁለተኛ ሪስታርት እንዳይደረግ ጠየቅሁና ግንኙነቶቹን ማን እንደያዛቸው ተመለከትኩ። ሰማንያ ስምንቱ መቀመጫ ቆልፈው የዘገየውን የክፍያ ሲስተም መልስ ይጠብቁ ነበር። ሁለት ምርጫ ነበረን። አንዱ የግንኙነቱን ቁጥር ማሳደግ ነው፤ የክፍያ ሲስተሙ መቼ እንደሚመለስ ስለማናውቅና ሰርቨሩ ጠባብ ስለሆነ አልመረጥኩትም። ሌላው ክፍያውን አጥፍቶ ደንበኛው ወደቡ ላይ እንዲከፍል ማድረግ ነው። አንዳንዱ ቦታ ይዞ ሊቀር ስለሚችል ለሥራ አስኪያጁ ደውዬ አስፈቀድኩ። የተንጠለጠሉትን ዝርዝር አስቀምጬ አቋረጥኳቸው።

በ41ኛው ደቂቃ ሽያጩ ተመለሰ። ማታ ዝርዝሩን ከክፍያ ድርጅቱ ጋር አመሳክረን ገንዘባቸው የተቆረጠ ሰባት ሰዎች አገኘን፤ ለሁሉም ደወልን። ከዚያ የክፍያውን ጥሪ ከትራንዛክሽኑ አወጣሁ፤ የጊዜ ገደብና የግንኙነት ማንቂያ ጨመርኩ። በፋሲካ የክፍያ ሲስተሙ እንደገና ሲዘገይ የተወሰኑ ክፍያዎች አልተረጋገጡም፤ ድረ ገጹ ግን አልቆመም።»

---

ሰርቨር ጠባቂ

በጣም ተሻሽሏል። «ዝርዝሩን ከክፍያ ድርጅቱ ጋር አመሳክረን» ብለሃል፤ ከባልደረቦችህ ጋር ከሆነ ይቆይ፤ ማመሳከሩን የሠራኸው አንተ ከሆንክ «አመሳክሬ» በል። ሁለቱ ሰዎች በሌላ ጀልባ መሳፈራቸውን ከጠየቁህ ብቻ ንገራቸው። «ዛሬ ቢሆን ምን ትለውጣለህ?» ለሚለው ተከታይ ጥያቄም መልስ ያዝ፤ ለእኔ መልሱ ዘጠኙ ደቂቃ ነው።

---

የሌሊት ተረኛ

ለእኔ ደግሞ መልሱ ማቋረጡ ነው። ክፍያው ከጠፋ በኋላ አዲስ ሰው ወደ ወረፋው አይገባም ነበር። ጥቂት ደቂቃ ታግሰህ መልስ የመጣላቸው በራሳቸው እንዲዘጉ ብትተዋቸው ከሰባቱ ምን ያህሉ ይተርፉ ነበር? ይህን የሚጠይቅህ ሰው ሊኖር ይችላል።

---

የጣና ዳር

አስቤበት ነበር። ጥሪው የጊዜ ገደብ ስላልነበረው አንዳንዱ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል፤ በዚያ ላይ ወደቡ ላይ የቆመ ሰው ነበር። ግን ከግማሽ ደቂቃ በላይ የቆዩትን ብቻ መርጬ ማቋረጥ እችል ነበር፤ `state_change` የሚለው ዐምድ ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጡ ያሳያል። ለተከታዩ ጥያቄ ይህን እይዛለሁ።